አሠሪሽ ስለቆረጠ ብቻ አላለቀም፤ ሁለት ጊዜ ግን አትከፍይም

*ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው። አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሬ ዜግነት ወሰድኩ። በ2022 መጀመሪያ ለሥራ ወደ ቶሮንቶ ተዛወርኩ። ያላገባሁ ነኝ። ካናዳ ከደመወዜ ግብር ትቆርጣለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችኝን ኮንዶ አከራይቻለሁ። ለእናቴ በየወሩ እልካለሁ፤ ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜንም ቤት ሲሠራ ረድቼዋለሁ። አሁን ለእረፍት ደሴ መጥቼ አንዲት ጓደኛዬ «ለዚያው ደመወዝ አሜሪካም ግብር ትጠይቅሻለች» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ «አሠሪሽ ከቆረጠ አለቀ» ይላል። ከተዛወርኩ ወዲህ ለአሜሪካ ምንም ፋይል አላደረግኩም። ለአንድ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ልከፍል ነው? ለቤተሰብ የምልከውስ አይታሰብልኝም?*

*— የደሴ ልጅ*

እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ።

ወንድምሽ የተናገረው ለራሱ እውነት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ግብሩን አሠሪው በየወሩ ቆርጦ ለገቢዎች ያስገባል። ሠራተኛው ዓመቱ ሲያልቅ የሚሞላው ነገር የለም። አንቺ ግን የአሜሪካ ዜጋ ነሽ። አሜሪካ ዜጎቿን የትም ይኑሩ የት፣ ከየትም ያግኙት ከየት፣ የዓመት ገቢያቸውን በሙሉ እንዲያሳውቁ ትጠይቃለች። ስለዚህ ጓደኛሽም ትክክል ናት። ትጠየቂያለሽ። መጠየቅና ሁለት ጊዜ መክፈል ግን ይለያያሉ። በሁለቱ መሃል ያለው ነገር የውጭ ታክስ ክሬዲት ይባላል። የሚጠየቀውም ፎርም 1116 በሚባል ወረቀት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አሜሪካ በደመወዝሽ ላይ የራሷን ግብር ታሰላለች፤ ለካናዳ ምንም እንዳልከፈልሽ አድርጋ። ከዚያ ከወጣው ግብር ላይ ለካናዳ የከፈልሽውን ትቀንሳለች። ልብ በይ፣ የሚቀነሰው ከገቢሽ ሳይሆን ከግብሩ ነው። ከገቢ ላይ የተቀነሰ አንድ ዶላር የሚያተርፍልሽ ጥቂት ሳንቲም ነው። ከግብር ላይ የተቀነሰ አንድ ዶላር ግን ሙሉ አንድ ዶላር ነው።

በቁጥር እንየው። ደብዳቤሽ ላይ ደመወዝሽን ስላልጻፍሽ ለምሳሌ ያህል በዓመት 60,000 የአሜሪካ ዶላር ነው እንበል። ካናዳ፣ የፌዴራሉና የኦንታሪዮው ተደምሮ፣ 11,000 ዶላር ወሰደች እንበል። በ2025 ላላገባ ሰው አሜሪካ ከገቢው ላይ 15,750 ዶላር ግብር የማይነካው አድርጋ ታስቀርለታለች፤ ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለው ነው። 44,250 ይቀራል። ከዚህ የመጀመሪያው 11,925 ዶላር በ10 በመቶ፣ የተረፈው በ12 በመቶ ይሰላል። ድምሩ 5,071 ዶላር ገደማ ይመጣል። አሜሪካ የምትጠይቅሽ ይህንን ነው። ለካናዳ የከፈልሽው 11,000 ስለሆነ 5,071ዱን በሙሉ ይሸፍነዋል። ከደመወዝሽ ለአሜሪካ የምትከፍይው ዜሮ ይሆናል።

የተረፈው 5,929 ዶላር ግን በጥሬ አይመለስልሽም። አሜሪካ ካናዳ የወሰደችውን ትርፍ ለመመለስ አልተስማማችም፤ የራሷን ድርሻ መተው ብቻ ነው የተስማማችው። ሆኖም አይጠፋም። ወደኋላ አንድ ዓመት፣ ወደፊት ደግሞ አሥር ዓመት መሸጋገር ይችላል። ነገ ግብር ዝቅ ወዳለበት አገር ሄደሽ ብትሠሪ ያኔ ይጠቅምሻል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ፎርሙን መሙላት ያለብሽ፣ ውጤቱ ዜሮ ቢሆንም። ያልተመዘገበ ትርፍ ኋላ ላይ ይዞ ለመከራከር ያስቸግራል።

አሁን ወደ ኮንዶዋ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክሬዲቱ ጣሪያ አለው። የሚያጠፋው ከአሜሪካ ውጭ ባገኘሽው ገቢ ላይ የተሰላውን የአሜሪካ ግብር ብቻ ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ኪራይ የአሜሪካ ገቢ ነው። ስለዚህ የካናዳው ትርፍ ምንም ያህል ቢበዛ የኪራዩን ግብር አይነካም።

ከወጪ በኋላ ከኪራዩ የተረፈሽ 4,000 ዶላር ነው እንበል። ጠቅላላ ገቢሽ 64,000 ሆነ። 15,750ው ሲቀነስ 48,250 ይቀራል፤ ግብሩ 5,551 ዶላር ገደማ ነው። ከ64,000 ውስጥ 60,000ው የካናዳ ደመወዝ ነው፤ 93.75 በመቶ ማለት ነው። ከ5,551 ላይ 93.75 በመቶው 5,204 ዶላር ይሆናል። ክሬዲቱ የሚያጠፋው እስከዚህ ድረስ ነው። የቀረውን 347 ዶላር ለአሜሪካ ትከፍያለሽ።

ይህ 347 ዶላር ሁለተኛ ግብር እንዳይመስልሽ። አሁን ተራው የካናዳ ነው። የካናዳ ነዋሪ ስለሆንሽ ኪራዩን እዚያም ማሳወቅ አለብሽ። ቤቱ ያለው አሜሪካ ስለሆነ ግን ቅድሚያው የአሜሪካ ነው፤ ካናዳም ለአሜሪካ የከፈልሽውን በራሷ ፎርም፣ T2209 በሚባለው፣ ከግብርሽ ላይ ታስብልሻለች። ደመወዝሽ ላይ አሜሪካ ለካናዳ ትለቃለች፤ ኪራዩ ላይ ካናዳ ለአሜሪካ ትለቃለች። በሁለቱም ላይ በመጨረሻ የምትከፍይው ከሁለቱ ከፍ ያለውን ግብር ያህል ነው፤ የሁለቱን ድምር አይደለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ስቴት፣ ሜሪላንድ፣ ግን ለብቻዋ ናት። ስቴቱ በግዛቱ ውስጥ ካለ ቤት ለተገኘ ኪራይ ነዋሪ ያልሆኑትንም ፋይል እንዲያደርጉ ይጠይቃል። የፌዴራሉ ክሬዲት እሱን አይነካውም። ታክስ ለሚሠራልሽ ሰው ስለ ኮንዶዋ ስትነግሪው ይህንንም አንሺለት።

ቀጥሎ «ለካናዳ የከፈልኩት» የሚባለው የትኛው ነው? ከደመወዝሽ የተቆረጠው ሁሉ ግብር አይደለም። ካናዳ ያለው አሠሪሽ በየዓመቱ የሚሰጥሽን T4 አውጪው። ሣጥን 14 ደመወዝሽ ነው። ሣጥን 22 የተቆረጠው የገቢ ግብር ነው። ሣጥን 16 ደግሞ ለካናዳ የጡረታ ፕላን የተቆረጠው ነው። ይህን የጡረታ መዋጮ ከግብሩ ጋር ደምረሽ እንዳታስገቢ። አሜሪካና ካናዳ የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነት ስላላቸው፣ በዚያ ስምምነት ውስጥ ያለ መዋጮ በክሬዲት አይያዝም።

ሣጥን 22 ላይ ያለው ቁጥር ራሱም የመጨረሻው አይደለም። እሱ በግምት የተቆረጠ ነው። የካናዳን ታክስ ስታስገቢ መንግሥት አስልቶ ኖቲስ ኦፍ አሰስመንት የሚባል ደብዳቤ ይልክልሻል። 12,500 ተቆርጦ ከነበረና 1,500 ከተመለሰልሽ፣ የከፈልሽው 11,000 ነው። ክሬዲት የሚጠየቀው በዚህ ነው። በ12,500ው ጠይቀሽ በኋላ 1,500 ከተመለሰልሽ የአሜሪካውን ፋይል ማስተካከል ግዴታሽ ነው። እኔ የምመክርሽ ቅደም ተከተል ስለዚህ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ካናዳን ጨርሺ፣ ደብዳቤው ይምጣ፣ ከዚያ አሜሪካን።

ፎርም 1116 ላይ ለደመወዝ የሚመረጠው ክፍል `General category income` የሚለው ነው። ባንክ ውስጥ ከተቀመጠ ገንዘብ የሚገኝ ወለድና የመሳሰለው በሌላ ክፍል፣ በሌላ ወረቀት ላይ ይሠራል፤ አይቀላቀልም። ትንሽ ወረድ ሲል ግብሩን `Paid` ወይም `Accrued` ብለሽ እንድትመርጪ ይጠይቅሻል። የመጀመሪያው በዓመቱ ውስጥ በእጅ የተከፈለውን የሚቆጥር ነው። ሁለተኛው የዚያ ዓመት ዕዳ የሆነውን ግብር ይቆጥራል፤ የሚመነዘረውም በዓመቱ አማካይ የዶላር ዋጋ ነው። ለአንቺ ሁለተኛውን እመርጥልሻለሁ። አለበለዚያ ከእያንዳንዱ ደመወዝ የተቆረጠውን በየቀኑ ምንዛሪ ስታሰሊ ትውያለሽ። አንዴ ከመረጥሽው ግን በሚቀጥሉት ዓመታትም በዚያው መቀጠል አለብሽ። በመጨረሻ የወጣው ክሬዲት የዋናው ፎርም 1040 ተከታይ በሆነው Schedule 3 የመጀመሪያ መስመር ላይ ይገባል። ታክስ የሠራልሽ ሰው ሲያስረክብሽ እዚያ መስመር ላይ ቁጥር መኖሩን በዓይንሽ እይ። ባዶ ከሆነ ክሬዲቱ አልተጠየቀልሽም ማለት ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ብዙ ታክስ ሠሪዎች ውጭ አገር የሚሠራ ሰው ሲመጣላቸው ፎርም 2555 ይሞሉለታል። እሱ ሌላ መንገድ ነው። በውጭ ሠርተሽ ያገኘሽውን ደመወዝ፣ ለ2025 እስከ 130,000 ዶላር ድረስ፣ ከአሜሪካ ግብር ውጭ ያደርገዋል። ሲሰማ ይጥማል፤ ዜሮም ያመጣል። ካናዳ ለሚኖር ሰው ግን አይበጅም። ከግብር ውጭ ለተደረገ ደመወዝ የተከፈለ የካናዳ ግብር ክሬዲት አይያዝለትም። ያ ለአሥር ዓመት ልትይዥው የምትችይው ትርፍ በሙሉ ይቀራል። አንዴ ገብተሽበት ከወጣሽ ደግሞ ያለ አሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ያለ አይ አር ኤስ፣ ፈቃድ ለአምስት ዓመት ተመልሰሽ ልትጠቀሚበት አትችይም።

2555 የሚጠቅመው ግብር በሌለበት አገር ለሚሠራ የአሜሪካ ዜጋ ነው። ዱባይ ወይም ጅዳ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ደመወዙ ላይ የገቢ ግብር አይከፍልም። ያልከፈለው ግብር ደግሞ ክሬዲት ሊሆን አይችልም። ከወሎ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ዜጎች ስለሆኑ ይህ የአሜሪካ ጉዳይ እነሱን አይመለከትም። ይህን የምለው ደሴ ላይ የአንዱ ምክር ለሌላው እየተነገረ ሰው ሲደናገር ስለማይ ነው።

ለቤተሰብ የምትልኪው ገንዘብ ላይ ልብሽ እንዳይሰበር ቀጥታ ልንገርሽ። ከግብር አይቀነስም። ለእናት መላክ በሕጉ በጎ አድራጎት ድርጅት መርዳት አይደለም። እናትሽን ጥገኛ ብለሽም ልታስመዘግቢ አትችይም። አሜሪካ ለጥገኝነት የምትቀበለው የራሷን ዜጋ ወይም በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በሜክሲኮ ነዋሪ የሆነን ሰው ነው። እናትሽ የሚኖሩት ደሴ ነው። ሁሉንም ወጪያቸውን አንቺ ብትችይውም መልሱ አይለወጥም። አንዳንድ ታክስ ሠሪ «ዝም ብለን እንጻፋቸው» ይላል፤ ወረቀቱ ላይ የምትፈርሚው ግን አንቺ ነሽ።

ደስ የሚለው ደግሞ መላኩ ራሱ ግብር አያመጣብሽም። ግብሩ የሚታሰበው ደመወዙን ስታገኚ ነው፤ ስትልኪው አይደለም። እናትሽም የተቀበሉት ስጦታ ስለሆነ የገቢ ግብር አይጠየቁበትም። አሜሪካ ስጦታን የምትመለከተው በአንድ ዓመት ለአንድ ሰው ከ19,000 ዶላር በላይ ሲሆን ነው፤ የ2025 ልክ ይኸው ነው። ለእናትሽ በየወሩ የምትልኪው እዚያ ካልደረሰ ምንም የለብሽም። ለወንድምሽ ቤት በአንድ ዓመት 25,000 ልከሽ ከሆነ ግን ፎርም 709 ታስገቢያለሽ። ይህ ማሳወቂያ እንጂ ክፍያ አይደለም፤ በዕድሜ ዘመንሽ ከተፈቀደልሽ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ የስጦታ ልክ ላይ ይቀነሳል፣ በቃ። ቤቱ የአንቺ ከሆነና ወንድምሽ የሚያሠራልሽ ብቻ ከሆነ ደግሞ ስጦታ አይደለም። የማን እንደሆነ ከአሁኑ ለይታችሁ በጽሑፍ ያዙት።

ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ አሜሪካ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ጥላለች እየተባለ ሲወራ ሰምተሽ ይሆናል። እውነት ነው። የሚመለከተው ግን ከአሜሪካ ምድር በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በባንክ ቼክ ለሚልክ ሰው ነው። ከቶሮንቶ የምትልኪውን አይነካም። የገቢ ግብር ስላልሆነም ከክሬዲቱ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሳታስገቢ ስላለፍሽባቸው ዓመታት ደግሞ። የ2022፣ የ2023 እና የ2024 አለብሽ። አይ አር ኤስ ለእንዳንቺ ዓይነቱ፣ ባለማወቅ ላላስገባና ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ስትሪምላይንድ የሚባል በር ከፍቷል። የሦስት ዓመት ታክስና የስድስት ዓመት የባንክ ሒሳብ ማሳወቂያ ታስገቢያለሽ፤ ለምን እንዳላስገባሽ በፎርም 14653 ላይ በራስሽ ቃል ትጽፊያለሽ። ቅጣት አይጣልብሽም። የምትከፍይው የቀረውን ግብርና ወለዱን ብቻ ነው፤ በአንቺ ጉዳይ የኪራዩ ማለት ነው። ለመግባት ከሦስቱ ዓመታት ቢያንስ በአንዱ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ ቆይተሽ መሆን አለበት፤ በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ መኖሪያ ሊኖርሽም አይገባም። ኮንዶዋ ተከራይታ መቆየቷ እዚህ ላይ ይረዳሻል፤ የኪራይ ውሉን አብረሽ ያዥ። በእያንዳንዱ ዓመት ፋይል ላይ ፎርም 1116 አብሮ ይሞላ። በሩ የሚያገለግለው እነሱ ምርመራ ሳይጀምሩብሽ ነው፤ ከጀመሩ በኋላ አይሠራም።

የባንክ ሒሳብ ማሳወቂያ ያልኩት FinCEN Form 114 ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያሉሽ ሒሳቦች ሁሉ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ይሞላል። የቶሮንቶው ይቆጠራል። ደሴ ላይ ከእናትሽ ጋር በጋራ የከፈትሽው ሒሳብ ካለም ይቆጠራል፤ ብሩ የእሳቸው ቢሆንም ስምሽ አለበት። ክፍያ የለውም፤ መርሳቱ ግን ያስቀጣል። አገር ቤት ሳለሽ የባንክ መግለጫውን አስወጥተሽ ሂጂ፤ ከቶሮንቶ ሆኖ ማስወጣት አድካሚ ነው።

አንድ ቀን ጠቅልለሽ ተመልሰሽ ኮምቦልቻ ብትቀጠሪስ? ኢትዮጵያና አሜሪካ የድርብ ግብር ስምምነት የላቸውም። ክሬዲቱ ግን የሚሰጠው በአሜሪካ የራሷ ሕግ ስለሆነ ስምምነት አያስፈልገውም። አሠሪሽ ከደመወዝሽ የሚቆርጠው የኢትዮጵያ የገቢ ግብር በዚያው ፎርም 1116 ይያዝልሻል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሐምሌ 2017 ወዲህ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ወርሃዊ ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ስለሚቆረጥ፣ ከአሜሪካው ግብር የሚበልጥ ይሆናል። ደረሰኝ ስለሚጠየቅ ከአሠሪሽ በየዓመቱ የተቆረጠውን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀበይ። ለአሁኑ ግን ለእረፍት ስለመጣሽ ይህ አይመለከትሽም። ቆይታሽ በአንድ ዓመት ውስጥ ተደምሮ ከ183 ቀን ካለፈ በኢትዮጵያ ሕግ ነዋሪ ትሆኛለሽ፤ ያኔ ጉዳዩ ሌላ ስለሚሆን ከዚያ በፊት ጠይቂ።

ለዘንድሮው ጊዜ አለሽ። የ2025ን የካናዳ ታክስ እስከ ኤፕሪል 30 አስገቢ። ውጭ ለሚኖር የአሜሪካ ዜጋ ቀነ ገደቡ ጁን 15 ነው፤ በፎርም 4868 ከጠየቅሽ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል። በኪራዩ ላይ ለሚከፈለው ግብር ግን ወለድ መቁጠር የሚጀምረው ከኤፕሪል 15 ነው። ያን ጥቂት መቶ ዶላር በግምት ቀድመሽ ክፈይና ደብዳቤውን ጠብቂ። ታክስ ሠሪ ስትመርጪ ሁለቱን አገር የሚሠራ ፈልጊ፤ ገና ስትደውይለት «1116 ነው ወይስ 2555 የምትሞላልኝ?» በይው፤ ለምን እንደሆነም ያስረዳሽ።